ጄኬ ፍሊፕ ፍሎፕን ወደ ዲ እና ወደ ቲ መቀየር

ፍሊፕ ፍሎፕ አንዲት ቢት፣ ዜሮን ወይም አንድን፣ ይዞ የሚቆይ ሰርኪዩት ነው። እንግሊዛውያኑ ዊልያም ኤክልስ እና ፍራንክ ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1918 ሁለት የቫኪዩም ቱቦዎችን አገናኝተው ሠሩት። ዛሬ 16 እግር ባላት አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፖች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፍሊፕ ፍሎፑ የያዘውን ቢት Q በሚባለው መውጫው ያሳያል፤ ቢቱን የሚቀይረውም የክሎክ ምት ሲደርሰው ብቻ ነው።

ምቱ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ዓይነቱ ነው። ዲ ፍሊፕ ፍሎፕ D የሚባል አንድ መግቢያ አለው፤ ምቱ ሲመጣ በዚያ መግቢያ ላይ ያገኘውን ይይዛል። የኮምፒውተር ሬጂስተሮች በዚህ ዓይነት የተሞሉ ናቸው። ቲ ፍሊፕ ፍሎፕም መግቢያው አንድ ነው፤ T ዜሮ ከሆነ የያዘውን እንደያዘ ይቆያል፣ T አንድ ከሆነ ግን በየምቱ ይገለበጣል። ቆጣሪ የሚሠራው በዚህ ነው። የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ እያንዳንዱ ቲ ፍሊፕ ፍሎፕ ይህን ቁጥር ለሁለት ስለሚያካፍለው፣ 15 የሚሆኑትን ብንደረድር ከመጨረሻው በትክክል በሰከንድ አንድ ምት ይወጣል።

ጄኬ ፍሊፕ ፍሎፕ ግን ሁለት መግቢያዎች አሉት። J ብቻውን አንድ ሲሆን Q ወደ አንድ ይወጣል። K ብቻውን አንድ ሲሆን Q ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ Q ባለበት ይረጋል፤ ሁለቱም አንድ ከሆኑ ይገለበጣል። ይህን ሁሉ የሚችል ስለሆነ ዲንም ቲንም አስመስሎ መሥራት አያቅተውም። እጃችን ላይ ያለው 74LS112 የተባለው የጄኬ ቺፕ ብቻ ቢሆንና የምንፈልገው ዲ ቢሆን፣ በJ እና በK ላይ ምን ማገናኘት አለብን?

ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚቸገሩት ጥያቄው አቅጣጫውን ስለሚገለብጥ ይመስለኛል። የተለመደው ሰንጠረዥ «መግቢያው ይህ ከሆነ ውጤቱ ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኛ ግን ውጤቱን አስቀድመን አውቀነዋል፤ የማናውቀው መግቢያውን ነው። የኤክሳይቴሽን ሰንጠረዥ የሚመልሰው ይህንን ነው፦ Q አሁን ካለበት ወደምንፈልገው እንዲሄድ J እና K ምን መሆን አለባቸው? ከዚህ በታች Q+ የምንለው ከምቱ በኋላ የሚኖረውን Q ነው።

```
Q   Q+   J   K
0   0    0   X
0   1    1   X
1   0    X   1
1   1    X   0
```

ይህን ሰንጠረዥ ከመሸምደድ አንዱን መስመር በእጅ ሠርቶ ማየት ይሻላል። የመጀመሪያውን እንውሰድ፤ Q ዜሮ ነው፣ ከምቱ በኋላም ዜሮ ሆኖ እንዲቀጥል እንፈልጋለን። ይህ በሁለት መንገድ ይሆናል። ሁለቱንም መግቢያዎች ዜሮ ብናደርግ ባለበት ይረጋል። K ን ብቻ አንድ ብናደርግ ደግሞ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ይታዘዛል፤ ድሮውንም ዜሮ ነውና የሚቀየር ነገር የለም። በሁለቱም መንገድ J ዜሮ ነው፤ K ግን አንዴ ዜሮ፣ አንዴ አንድ ሆኗል። ስለዚህ በK ቦታ X ይጻፋል፤ «የፈለገውን ይሁን» ማለት ነው። የቀሩት ሦስት መስመሮችም በዚሁ ዓይነት ይገኛሉ። ጠቅለል ስናደርገው፣ Q ዜሮ ሳለ የሚሰማው J ብቻ ነው፣ Q አንድ ሳለ የሚሰማው K ብቻ ነው። ይህች ነጥብ ኋላ ስለምትፈለግ ትያዝልን።

አሁን ወደ ዲ እንሂድ። D እና Q ሊኖራቸው የሚችለውን አራቱን ጥምረት እንጽፋለን። በዲ ሕግ ከምቱ በኋላ የሚኖረው Q ሁልጊዜ D ን ራሱን ስለሆነ Q+ ወዲያው ይሞላል። ከዚያ ከQ ወደ Q+ ያለውን ለውጥ እያየን J እና K ን ከላይኛው ሰንጠረዥ እንገለብጣለን።

```
D   Q   Q+   J   K
0   0   0    0   X
0   1   0    X   1
1   0   1    1   X
1   1   1    X   0
```

የJ ን ዓምድ ብቻ ከD ጋር እናስተያይ። D ዜሮ በሆነባቸው ሁለት መስመሮች J ዜሮ እና X ነው፤ D አንድ በሆነባቸው ደግሞ አንድ እና X ነው። X ን እንደልባችን መሙላት ስለምንችል የላይኛውን ዜሮ፣ የታችኛውን አንድ ብናደርገው J ከD ጋር አንድ ይሆናል። K ን ብናይ ደግሞ D ዜሮ ሲሆን አንድ፣ D አንድ ሲሆን ዜሮ ሆኖ ይሞላል፤ የD ተቃራኒ ነው ማለት ነው። J = D፣ K = D'። የሚያስፈልገው አንድ ኢንቨርተር ብቻ ነው።

የX ን ጥቅም ለማየት በሁሉም X ቦታ ዜሮ ጽፈን እንሞክር። ያን ጊዜ J አንድ የሚሆነው D አንድ፣ Q ደግሞ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፤ K አንድ የሚሆነው D ዜሮ፣ Q ደግሞ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ሰርኪዩቱ አይሳሳትም፣ በትክክል ይሠራል። ነገር ግን ከኢንቨርተሩ ሌላ ሁለት አንድ ጌቶች፣ ከመውጫውም ወደ ኋላ የሚመለሱ ሽቦዎች ይጨመሩበታል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሥራ ዋናው ጥበብ X ን እስከ መጨረሻው ሳይሞሉ ማቆየት ነው። ቸኩሎ የሞላው ሰው ያለ ምክንያት ሁለት ጌቶች ይከፍላል።

ቲ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። T ዜሮ ሲሆን Q+ ከQ ጋር አንድ ነው፤ T አንድ ሲሆን የQ ተቃራኒ ነው።

```
T   Q   Q+   J   K
0   0   0    0   X
0   1   1    X   0
1   0   1    1   X
1   1   0    X   1
```

እዚህ ሁለቱም ዓምዶች T ን ይከተላሉ፤ J = T፣ K = T። J እና K ን በአንድ ሽቦ ማገናኘት ብቻ ይበቃል። በዲ እና በቲ መካከል ያለው ልዩነት K ጋ የተቀመጠው ያ አንድ ኢንቨርተር ነው።

ብሬድቦርድ ላይ እንገጣጥመው። በ74LS112 የመጀመሪያው ፍሊፕ ፍሎፕ ክሎክ በ1ኛው እግር፣ K በ2ኛው፣ J በ3ኛው፣ Q በ5ኛው፣ የQ ተቃራኒ በ6ኛው ነው። 16ኛው ወደ 5 ቮልት፣ 8ኛው ወደ ግራውንድ ይሄዳል። 4ኛው እና 15ኛው እግር ክሎክ ሳይጠብቁ Q ን ወደ አንድ ወይም ወደ ዜሮ የሚያስገድዱ ናቸው፤ የሚሠሩት ዜሮ ሲደርሳቸው ስለሆነ ሁለቱንም ከ5 ቮልት ጋር እናስራቸዋለን። ለኢንቨርተሩ 74LS04 ይሆናል፤ D በ1ኛው እግሩ ገብቶ በ2ኛው ተገልብጦ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ K ይሄዳል። ኤልኢዲውን ከ5 ቮልት በ470 ኦም ሬዚስተር አድርገን ወደ 6ኛው እግር ብናገናኘው ይመረጣል። ይህ የቺፕ ቤተሰብ ከረንት ወደ ውስጥ ሲስብ ጠንካራ፣ ወደ ውጭ ሲሰጥ ግን ደካማ ነውና። የQ ተቃራኒ ዜሮ ሲሆን፣ ማለትም Q አንድ ሲሆን፣ መብራቱ ይበራል።

አሁን D ን አንድ አድርገን ክሎኩን ደጋግመን ብንመታ መብራቱ በርቶ መቆየት አለበት። በየምቱ በራ ጠፋ ካለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከኢንቨርተሩ ወደ K የሚሄደው ሽቦ ነው። በዚህ ቤተሰብ ቺፖች ውስጥ ምንም ያልተገናኘ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠራል። ሽቦው ከተነቀለ J አንድ፣ K አንድ ሆኖ ይገለበጣል። D ዜሮ ሲሆን ግን J ዜሮ፣ K አንድ ስለሚሆን መብራቱ እንደ ደንቡ ይጠፋል። D ዜሮ ሲሆን ትክክል ሠርቶ፣ አንድ ሲሆን የሚገለበጥ ዲ ካየን ሽቦውን መፈተሽ ነው።

ሌላው ደግሞ ከቁልፉ ይመጣል። ክሎኩን በተራ የመጫኛ ቁልፍ ብንሰጥ፣ ብረቶቹ ሲነካኩ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚነጥሩ በአንድ መጫን ብዙ ምት ይላካል። ዲ ይህን አይታወቅበትም፤ አሥር ጊዜ ቢመታም የሚይዘው ያንኑ D ነው። ቲ ግን በእያንዳንዱ ንጥረት ይገለበጣል፤ መብራቱም አንዴ ይበራል፣ አንዴ እንዳለ ይቀራል። በዚያው ቁልፍ ዲው በደንብ ሠርቶ ቲው ከተዛባ ሰንጠረዡን እንደገና መሥራት አያስፈልግም፣ ጥፋቱ የቁልፉ ነው።

ሰንጠረዡ ፈጽሞ የማያሳየው አንድ ጉዳይ ግን ይቀራል። 74LS112 የD ን ሁኔታ የሚያነበው ክሎኩ ከአንድ ወደ ዜሮ በሚወርድባት ቅጽበት ብቻ ነው። LS የሚል ጽሑፍ የሌለበት የድሮው 7476 ግን እንዲህ አይደለም። ውስጡ ሁለት ደረጃ አለው፤ ክሎኩ አንድ ሆኖ እስከቆየ ድረስ የመጀመሪያው ደረጃ መግቢያዎቹን ይቀበላል፣ ክሎኩ ሲወርድ የያዘውን ለሁለተኛው ያስተላልፋል።

በዚህ ቺፕ የሠራነውን ዲ እንከተለው። Q ዜሮ ነው፣ D ም ዜሮ ነው፣ ክሎኩ ወደ አንድ ወጣ። በመካከል D ለአፍታ ወደ አንድ ዘለለና ተመለሰ። በዘለለባት አፍታ J አንድ ስለሆነ የመጀመሪያው ደረጃ አንድን ያዘ። D ሲመለስ K አንድ ይሆናል፣ የተያዘውን አንድ ሊያጠፋውም ይገባ ነበር። ነገር ግን Q ዜሮ ሳለ K እንደማይሰማ አስቀድመን አይተናል፤ ሁለተኛው ደረጃ ገና አልተነካምና Q አሁንም ዜሮ ነው። ክሎኩ ሲወርድ D ዜሮ እያለ Q አንድ ሆኖ ይወጣል። በሰንጠረዡ ላይ X ን የሰጠንና ጌት ያተረፈልን የK አለመሰማት፣ እዚህ ስህተቱ እንዳይታረም አደረገ።

ምልክቱ ኤልኢዲው አልፎ አልፎ ብቻ፣ D በሚለዋወጥበት ሰዓት፣ ያለቦታው መብራቱ ነው። በ7476 የግድ መሥራት ካለብን D ክሎኩ አንድ ሆኖ ባለበት ጊዜ ሁሉ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ያን ጊዜም አጭር ማድረግ ነው። ምርጫ ካለን ግን በክሎክ ጠርዝ ብቻ የሚያነበውን 74LS112 መውሰድ ይሻላል።