በስላይድ ላይ ድምፅ ሲቀዱ፦ የክፍልን ማስተጋባት በብርድ ልብስ መቀነስ

በኮንዶሚኒየም ሳሎኑ ተቀምጦ ትምህርት የሚቀዳ መምህር የቀዳውን መልሶ ሲያዳምጥ ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። ቃላቱ ይሰማሉ፤ ነገር ግን ከባዶ በርሜል ውስጥ የሚወጡ ይመስላሉ። ተማሪው ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል፤ ከዚያ ጆሮው ይደክማል። ጥፋቱ የመምህሩ ድምፅ ወይም የላፕቶፑ አይደለም፤ የክፍሉ ነው። መፍትሔው ደግሞ ከአንድ የስልክ ኢርፎን እና ቤት ውስጥ ካለ ብርድ ልብስ አያልፍም።

የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ስለ ደም ዝውውር 12 ስላይዶች አዘጋጅቷል እንበል። ክፍሉ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው፤ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ በአንድ በኩል ሰፊ መስኮት አለው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመምህሩ አፍ ወጥቶ ሁለት ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ለመመለስ ከሰከንድ መቶኛ እጅ ብዙም የበለጠ ጊዜ አይወስድበትም። ከዚያም ወደ ሌላው ግድግዳ፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ወለሉ እየተላተመ ይቀጥላል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ጆሮ ይህን ሁሉ ከዋናው ድምፅ ጋር አዋህዶ ስለሚሰማው ብዙም አያስተውለውም። ማይክ ግን ምንም ሳይመርጥ የደረሰውን ሁሉ ይቀዳል።

ክፍልን ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። መካከል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው ቀጥሎ ቀጭን፣ የሚርገበገብ ድምፅ ከተከተለ ክፍሉ ያስተጋባል ማለት ነው። ያንኑ ፍተሻ አልጋ፣ ፍራሽ እና ልብስ ባለበት መኝታ ቤት ይድገሙት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል። ለቀረጻ መኝታ ቤትን ከሳሎን ማስቀደም ምንም ወጪ የሌለበት የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ማይኩን ማቅረብ ነው። መምህሩ በላፕቶፑ ማይክ ሲቀዳ አፉ ከማይኩ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። በኢርፎን ማይክ ሲቀዳ ግን ርቀቱ ወደ 15 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር በቀጥታ ወደ ማይኩ የሚገባው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ከ60 ወደ 15 ሲወርድ ጭማሪው 12 ዴሲቤል ይሆናል። ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ግን በዚያው መጠን ይቆያል። ስለዚህ የሰውየው ድምፅ ማስተጋባቱን በልጦ ይወጣል። ከብርድ ልብስም ሆነ ከፍራሽ በፊት ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

ኢርፎኑ መሰኪያው ላይ ሦስት ጥቋቁር ቀለበቶች ካሉት ማይክ አለው ማለት ነው፤ አንድ የጋራ ቀዳዳ ባለው ላፕቶፕ ላይም በቀጥታ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ማይኩ ልብስ ወይም አንገት ሐብል እንዳይነካ በልብስ መቆንጠጫ ያስይዙት። ከአፍ ትክክለኛ ፊትም ዞር ያድርጉት፤ «ልብ ፓምፕ ናት» ሲሉ ከከንፈር የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን ሲመታው ቀረጻው ላይ ቡፍ የሚል ድምፅ ይተዋልና።

ሦስተኛው ብርድ ልብሱ ነው። ድምፃችን በኃይል የሚሄደው ወደ ፊት ስለሆነ መጀመሪያ መልሶ የሚወረውረው ከፊታችን ያለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ሁለት እጥፍ አድርገው ከላፕቶፑ ኋላ፣ ሁለተኛውን ከራስዎ ጀርባ ይስቀሉ። ግድግዳው ላይ ከማጣበቅ አሥር ሴንቲሜትር ያህል ራቅ አድርጎ በገመድ ወይም በልብስ ማስጫ ላይ መስቀል የተሻለ ይውጣል። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ካለ በሩን ከፍቶ ፊት ለፊቱ መቀመጥም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ባዶ ጠረጴዛም ድምፅ ስለሚመልስ ከላፕቶፑ ፊት የታጠፈ ጋቢ ያንጥፉ። ከላፕቶፑ ሥር ግን አያንጥፉ፤ የአየር መውጫው ሲዘጋ ማቀዝቀዣው መጮህ ይጀምራል፤ እሱም ይቀረጻል።

ስስ የናይለን መጋረጃ ቀጫጭን ድምፆችን ብቻ ስለሚይዝ፣ ወፍራሙ የድምፅ ክፍል እንደታፈነ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው የእንቁላል ካርቶንም እንዲሁ ስስ ስለሆነ ለንግግር ድምፅ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ዋናው ውፍረት ነው። ብርድ ልብስም ቢሆን ማስተጋባትን ይውጣል እንጂ የውጭ ጩኸትን አይከለክልም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የጎረቤት ግንባታ እና የመኪና ጡሩምባ የሚሸነፉት ጸጥ ያለ ሰዓት በመምረጥ ብቻ ነው።

ክፍሉ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ፓወርፖይንት እንሂድ። Slide Show ከሚለው ትር Record Slide Show ይምረጡ። ካሜራውን ያጥፉ፤ ከማይክ ምርጫው ላይ ኢርፎኑ መመረጡን ያረጋግጡ። ለማረጋገጥ በመጀመሪያው ስላይድ ላይ መቅዳት ጀምረው በጥፍርዎ የኢርፎኑን ማይክ፣ ቀጥሎ የላፕቶፑን ጠርዝ መታ መታ ያድርጉና መልሰው ያዳምጡ። ጎልቶ የተሰማው የትኛው እንደሆነ በየትኛው ማይክ እየቀዱ እንዳሉ ይነግርዎታል።

ይህ መቅጃ ድምፁን በአንድ ረጅም ፋይል ሳይሆን ለየስላይዱ ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ከእያንዳንዱ የተቀዳ ስላይድ በታች በቀኝ ጥግ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ምልክት ይታያል። ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ሰባተኛው ስላይድ ላይ «ደም ወሳጅ» ማለት ሲገባው «ደም መላሽ» ቢል 12ቱን እንደገና መቅዳት የለበትም። ወደ ሰባተኛው ሄዶ From Current Slide በሚለው ያንን ብቻ ይደግማል። ሲጨርስ ግን ወደ ስምንተኛው ሳያልፍ ማቆም አለበት፤ ካለፈ የስምንተኛው የቀድሞ ቅጂ በአዲሱ ሊተካ ይችላል። ድጋሚውን ሲቀዳም ርቀቱንና ብርድ ልብሱን እንደነበሩ ይተው፤ አለዚያ ሰባተኛው ስላይድ ከሌላ ክፍል የመጣ ሆኖ ይሰማል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር ስላይድ በሚቀያየርበት ቅጽበት መናገር ነው። መቅጃው በዚያ ሰዓት ድምፅ ስለማይቀዳ የዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ይቆረጣል። ዐረፍተ ነገርዎን ይጨርሱ፤ አንድ ሰከንድ ዝም ይበሉ፤ ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ አዲሱ ስላይድ ሙሉ በሙሉ ሲታይ ይጀምሩ።

ሲያበቃ File፣ Export፣ Create a Video ብለው Use Recorded Timings and Narrations የሚለውን ይምረጡ። ጽሑፍና ሥዕል ብቻ ላለው ትምህርት ከፍተኛው ጥራት አያስፈልግም፤ HD 720p በቂ ነው፤ በስልክ ዳታ ለሚያወርዱ ተማሪዎችም ይቀላል። ድምፅ ያልተቀዳበት ስላይድ ካለ ቪዲዮው ላይ ለአምስት ሰከንድ ብቻ በዝምታ ስለሚያልፍ ከመላክዎ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይመልከቱት።

ማስተጋባት አንዴ ከተቀዳ በኋላ ከድምፁ ለይቶ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ 12ቱን ስላይዶች ከመቅዳትዎ በፊት አንዷን ብቻ ቀድተው በኢርፎን ያዳምጡ፤ አሁንም ክፍሉ የሚሰማ ከሆነ መጀመሪያ ማይኩን ያቅርቡ፣ ቀጥሎ ብርድ ልብስ ይጨምሩ።