አንዱን አንቀጽ ለሁለት ዓምድ

ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጋቢ ፊልም የሚያዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ያማረ ጽሑፍ ነው። አንቀጹ ይነበባል፣ ይወደዳል፣ «በጣም ጥሩ» ይባላል። ከዚያ ካሜራማኑ «እሺ፣ ምን ልቅረጽ?» ብሎ ሲጠይቅ ወረቀቱ መልስ ያጣል። ባለ ሁለት ዓምድ ስክሪፕት ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰንጠረዥ ነው። በተለመደው አሠራር በግራ በኩል የሚታየው፣ በቀኝ በኩል የሚሰማው ይጻፋል። አንዱ ረድፍ አንድ የምስል ሐሳብ ይይዛል፤ ከጎኑ ያለው ድምፅም ያ ምስል በሚታይበት ጊዜ የሚሰማው ነው።

አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ስለ ቆጮ አሠራር አጭር ፊልም ሊሠራ የተነሣ ፕሮዲዩሰር እንዲህ ጽፏል እንበል፦

«እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩ ሚሊዮኖች ዋነኛ ምግብ ሲሆን፣ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት የሚፈጅ፣ ድርቅን የሚቋቋም ተክል ነው። ታታሪዎቹ ሴቶች በማለዳ ተነሥተው የተቆረጠውን እንሰት ፍቀው፣ ሥሩን ከትክተው፣ አንድ ላይ ለውሰው በእንሰት ቅጠል ከጠቀለሉ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ለሳምንታት ወይም ለወራት ሲያብላሉት ቆጮ ይሆናል።»

ለመጽሔት ቢሆን ምንም አይወጣለትም። ለፊልም ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ችግር አለበት። አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ስለሚያመጣ፣ ተራኪው «ቆጮ ይሆናል» እስኪል ድረስ ተመልካቹ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። በዚያ ላይ «ተነሥተው፣ ፍቀው፣ ከትክተው፣ ለውሰው» እያልን ያለ ነጥብ መሄድ ስለምንችል፣ አንድ ሙሉ የቀረጻ ቀን በአንድ ትንፋሽ ያልፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እርሳስ አንሥቶ ግሶቹን ማስመር ነው። እዚህ ላይ ከ«ተነሥተው» እስከ «ይሆናል» ስምንት ግሶች አሉ። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሾት ይጠይቃል፤ ካልጠየቀ ደግሞ ለምን እንደማይጠየቅበት ማወቅ ያስፈልጋል። «የተቆረጠውን» የምትለውንም ቃል ልብ በሉ። አንድ ትልቅ እንሰት ተቆርጦ ሲወድቅ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚታዩት ትዕይንቶች ሁሉ ግዙፉ ነው፤ ጽሑፉ ግን እንደ ቅጽል ከስሙ በፊት ለጥፎት አልፏል። በጽሑፍ ትንሽ የሆነው በምስል ትልቅ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሐሳብ «ይህን ካሜራ ያየዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መፋቁ ይታያል፣ ስለዚህ ተራኪው «ይፍቃሉ» ማለት አይጠበቅበትም። «ታታሪዎቹ» አይታይም፤ የሚታየው በማለዳ ጉም ውስጥ የጎነበሰ ሰው ነው፣ ፍርዱን ለተመልካቹ መተው ይሻላል። «ዓመታት የሚፈጅ» ደግሞ ፈጽሞ አይታይም፤ ተክሉ ትናንት ይተከል ከዓመታት በፊት ምስሉ አይነግረንም። ለተራኪው የሚቀረው እንዲህ ያለው ነው፦ ጊዜ፣ ምክንያት፣ ቁጥር። «ሚሊዮኖች» የሚለው በካርታ ወይም በፊልሙ መግቢያ ሊነገር ይችላል። ድርቅ መቋቋሙን ደግሞ በአንድ ማለዳ ቀረጻ ማሳየት ስለማይቻል፣ አርሶ አደሩ በቃለ መጠይቅ ቢናገረው ከተራኪው ይልቅ ይታመናል።

ከዚህ በኋላ አንቀጹ ይህን ይመስላል፦

| ቁ. | ምስል | ድምፅ |
|---|---|---|
| 1 | ዋይድ ሾት፦ ማለዳ፣ ጉም፤ ጎጆ ቤትና ከጀርባው ረዣዥም እንሰቶች። (5 ሰከንድ) | የአካባቢ ድምፅ ብቻ፦ ዶሮ፣ ወፎች። |
| 2 | ዋይድ ሾት፦ እንሰቱ ተቆርጦ ሲወድቅ። (6 ሰከንድ) | የመውደቁ ድምፅ። ከዚያ ተራኪ፦ ይህ እንሰት የተተከለው ከዓመታት በፊት ነው። |
| 3 | ክሎዝ አፕ፦ እጅና የቀርከሃ መፋቂያ፤ ውሃው ሲንጠባጠብ፣ ቃጫው ሲለይ። (8 ሰከንድ) | የመፋቅ ድምፅ ብቻ። |
| 4 | ክሎዝ አፕ፦ ጉድጓዱ በቅጠል ሲሸፈን፣ ድንጋይ ሲጫንበት። (8 ሰከንድ) | ተራኪ፦ ከዚህ በኋላ ሥራው የጉድጓዱ ነው። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። |
| 5 | ሌላ ጉድጓድ ሲከፈት፤ የቤቱ እመቤት ፊት፤ ቆጮው በምጣድ ላይ። (8 ሰከንድ) | የእመቤቲቱ ድምፅ፦ ቆጮው መድረሱን በምን እንደምታውቅ። |

43 ቃላት የነበሩት ትረካ ወደ 15 ወርዷል። መከትከቱ፣ መለወሱና መጠቅለሉ በሰንጠረዡ ባይኖሩም በ3 እና በ4 መካከል በአጫጭር ሾቶች ይገባሉ፤ ተራኪ አያስፈልጋቸውም። 3ኛውን ረድፍ ብዙ ጀማሪዎች ይፈሩታል። ድምፁ ዓምድ ላይ ትረካ ሳይኖር ሲቀር የተረሳ ስለሚመስላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩበታል። እኔ ግን ከአምስቱ ረድፎች አንዱን አድን ብባል የማድነው እሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥቅም እንምጣ። በጽሑፉ ውስጥ «ቀብረው ለሳምንታት ሲያብላሉት» የሚለው ቀላል ነበር። በሰንጠረዡ ግን በ4ኛውና በ5ኛው ረድፍ መካከል ሳምንታት አሉ። ለቡድኑ ሁለተኛ ጉዞ፣ ሁለተኛ አበል፣ ሁለተኛ የመኪና ኪራይ ማለት ነው። መፍትሔው ቀድሞ የተቀበረ ጉድጓድ ያለው ቤተሰብ ፈልጎ በአንድ ቀን አንዱን ሲዘጉ፣ ሌላውን ሲከፍቱ መቅረጽ ነው። 5ኛው ረድፍ «ሌላ ጉድጓድ» የሚለው ለዚህ ነው። ይህ ደግሞ ሐቀኝነት ይጠይቃል፦ ተራኪው «ያ ጉድጓድ ተከፈተ» ማለት አይችልም፤ ሌላ ነውና። አንቀጹን ብቻ ይዞ የሄደ ፕሮዲዩሰር ግን ይህን የሚረዳው ቦታው ደርሶ፣ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። በእንግሊዝኛ መመሪያዎች አንድ ደቂቃ ትረካ 150 ቃላት ያህል ይይዛል የሚል መስፈሪያ ይገኛል። ለአማርኛ አትጠቀሙበት። «ስለማያስፈልጋቸው» አንድ ቃል ነው፣ ግን ለመጥራት የሚወስደውን ጊዜ አስቡ። ያለው አስተማማኝ ዘዴ የቀኙን ዓምድ ድምፅ አውጥቶ ረጋ ብሎ ማንበብና በስልክ መለካት ነው። 8 ሰከንድ ለተሰጠው ምስል 14 ሰከንድ የሚፈጅ ትረካ ከተጻፈ፣ ኤዲተሩ ወይ ምስሉን ደጋግሞ ያሳያል ወይ ተራኪውን ያጣድፋል። ሁለቱም በስክሪን ላይ ይታወቃሉ።

ሰንጠረዡንም በኮምፒውተር ላይ በእውነተኛ ሠንጠረዥ ሥሩት፤ በባዶ ቦታ ገፍቶ ዓምድ ማስመሰል ነገ አንድ ቃል ሲጨመር ሁሉንም ያፈናቅለዋል። አንዱ ረድፍ በሁለት ገጽ እንዳይቆረጥም ተጠንቀቁ፤ ተራኪው ስቱዲዮ ውስጥ ዓረፍተ ነገር መሐል ገጽ ሲገለብጥ ድምፁ ይቀረጻል።

ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት የቀኙን ዓምድ በወረቀት ሸፍናችሁ የግራውን ብቻ ለካሜራማኑ ስጡት። የት እንደሚቆምና ምን እንደሚቀርጽ ሳይጠይቃችሁ መናገር ያቃተው ረድፍ ካለ፣ ያ ረድፍ ገና አልተጻፈምና እንደገና ጻፉት።