ዕጣ ሳይጣል ማነጻጸር፦ ሁለት የንባብ ማስተማሪያ ዘዴዎች በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ሲመዘኑ

ሁለት የማስተማሪያ ዘዴዎችን ለማወዳደር ከሁሉ የሚበጀው መንገድ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ወገን በአንድ ዘዴ ማስተማር መሆኑ የታወቀ ነው። ዕጣ ፊደል ለይቶ የመጣውንና ያልለየውን፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖረውንና ከሩቅ የሚመላለሰውን ያለ አድልዎ ይደባልቃል። ስለዚህ በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት ከዘዴው የመጣ ነው ለማለት ያስችላል። ይሁን እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በሞላሌና በአካባቢዋ ባሉት የመንዝ ቀበሌዎች ልጅ የሚማረው ለቤቱ በሚቀርበው ትምህርት ቤት ነው። ዕጣ ወጣልህ ተብሎ ገደል ተሻግሮ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲማር ሊደረግ አይችልም። በአንድ ክፍል ውስጥ ዕጣ ማውጣትም ቢሆን አያዋጣም፤ አንድ መምህር ለግማሾቹ በአንዱ፣ ለግማሾቹ በሌላው ዘዴ እንዲያስተምር ቢታዘዝ፣ የወደደውን ዘዴ ሳይታወቀው ለሁለቱም ወገን ማዋሉ አይቀርም።

ዕጣ በማይቻልበት ጊዜ የሚደረገው ጥናት «ሙከራ መሰል» ይባላል። አሜሪካውያኑ ዶናልድ ካምቤልና ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ጽሑፍ የዚህን ጥናት ዓይነቶች ከነድክመታቸው በዝርዝር አቅርበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለትምህርት ቤት ሥራ ይበልጥ የሚመቸው፣ ቀድሞውኑ የተመሠረቱ ሁለት ቡድኖችን ወስዶ ሁለቱንም በመጀመሪያና በመጨረሻ መፈተን ነው። እዚህ የምንመለከተውም ይህንኑ ብቻ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ እንያዘው። በሞላሌ ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አማርኛ ማንበብን የሚማሩት በነባሩ መንገድ ነው እንበል፤ ይኸውም ገበታውን ከ«ሀ» ጀምሮ በተራ በመቁጠር ነው። ከከተማው ራቅ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ በቃላት ውስጥ አዘውትረው የሚገኙት ፊደላት አስቀድመው ይቀርባሉ፤ ልጁ ጥቂት ፊደላት እንዳወቀ ወዲያው በእነርሱ የተሠሩ ቃላትን ያነባል። የሚለካው አንድ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በትክክል የሚያነባቸው ቃላት ብዛት ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የቅድመ ፈተናው ጉዳይ ነው። በመንዝ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በየኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠሩ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ገበታው በተለመደው ተራ ሲቀርብለት ያለ ስሕተት ይዘልቀዋል። ነገር ግን ዐይኑን ጨፍኖም ሊለው ይችላልና ፊደሉን አወቀ ለማለት አያስችልም፤ ያወቀው ዜማውንና ተራውን ይሆናል። ስለዚህ በቅድመ ፈተናው ፊደላቱ ተደበላልቀው መቅረብ አለባቸው። «ቆ» ከ«ሲ»፣ «ሲ» ከ«ፍ» አጠገብ ሲገኝ የሚንተባተበውና የማይንተባተበው ያን ጊዜ ይለያል። ይህ ካልተደረገ የቆጠራ ልማድ የበረታበት ትምህርት ቤት ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ከፍ ብሎ የጀመረም በዓመቱ መጨረሻ ጥቂት ያደገ ይመስላል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ልጅ የቄስ ትምህርት ተምሮ እንደሆነ ተጠይቆ መመዝገብ ይኖርበታል፤ የተማሩት ከተማሩት፣ ያልተማሩት ካልተማሩት ጋር ተለይተው እንዲነጻጸሩ የሚያደርገው ይህ መዝገብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ሁሉ አካሄዱን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የተለኩ አይደሉም። በጥቅምት ወር የከተማው ተማሪዎች በአማካይ 18 ቃላት፣ የገጠሮቹ 12 ቃላት አነበቡ እንበል። በግንቦት የከተማዎቹ 33፣ የገጠሮቹ 31 ደረሱ። የግንቦቱን ውጤት ብቻ የሚመለከት ሰው ነባሩ ዘዴ በ2 ቃላት በለጠ ይላል። ነገር ግን የከተማዎቹ እድገት 15፣ የገጠሮቹ 19 ስለሆነ፣ የሁለቱ እድገቶች ልዩነት 4 ቃላት ለአዲሱ ዘዴ ያደላል። ይህ ስሌት በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል ቀድሞ የነበረውን ልዩነትና ዓመቱ ለሁሉም እኩል ያመጣውን ለውጥ ቀንሶ ያወጣል። ቅድመ ፈተና ሳያደርጉ በዓመቱ መጨረሻ ብቻ ፈትኖ ፍርድ መስጠት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ 4 ቃላት የዘዴው ፍሬ ናቸው ለማለት አንድ ነገር መታመን አለበት፤ ይኸውም አዲሱ ዘዴ ባይመጣ ኖሮ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች እድገት እኩል ይሆን ነበር የሚለው ነው። ብዙዎች ጥናቱን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን እዚህ ነው። እምነቱን በቀጥታ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ቢሆንም ያለፈውን ዓመት መዝገብ በማየት መፈተን ይቻላል። ባለፈው ዓመት፣ ሁለቱም በነባሩ ዘዴ ሲያስተምሩ ሳለ፣ የዚያው ክፍል ተማሪዎች በከተማው ከ17 ወደ 32፣ በገጠሩ ከ11 ወደ 28 አድገው ከነበረ፣ እድገቱ 15 እና 17 ነበረ ማለት ነው። እንግዲህ የገጠሩ ትምህርት ቤት አዲሱን ዘዴ ገና ሳያይ በ2 ቃላት ብልጫ ያድግ ነበር። ምናልባት ዝቅ ብሎ የጀመረ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ቶሎ ስለሚጨብጥ ይሆናል፤ ምናልባትም መምህሩ ብርቱ ስለሆነ ይሆናል። ምክንያቱ ያም ሆነ ይህ፣ ከ4ቱ ቃላት 2ቱ የዘዴው አይደሉም። ስለዚህ ጥናት ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ በዚያው ፈተና መለካት፣ ከማናቸውም የተራቀቀ ስሌት ይልቅ ዋጋ አለው ብለን እናምናለን።

ይኸው አካሄድ ከትምህርት ቤት አልፎ በአገር ደረጃ ተሠርቶበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚያ በፊት በመንዝ ያለ ልጅ በአማርኛ አፉን ፈትቶ በአማርኛ ይማር ስለነበር፣ ውሳኔው በማስተማሪያ ቋንቋው ላይ ያመጣለት ለውጥ አልነበረም። አፉን በኦሮምኛ የፈታው ልጅ ግን የማስተማሪያ ቋንቋው ተለወጠለት። ተመራማሪዎች ከለውጡ በፊትና በኋላ የተማሩትን የሁለቱን ወገኖች ትውልዶች በማነጻጸር የአፍ መፍቻ ቋንቋን ውጤት ለመለካት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ያለ ዕጣ ማነጻጸሪያ ሆነ ማለት ነው። የዚህ ንጽጽር ደካማ ጎኑም ከላይ ካየነው ጋር አንድ ነው። ፖሊሲው ከቋንቋው ጋር ሌሎች ለውጦችንም አምጥቷል፤ ለምሳሌ እስከ 10ኛ ክፍል የሚከፈለውን የትምህርት ክፍያ አስቀርቷል። ይህ ሁለቱንም ወገን እኩል የነካ እንደሆነ በመቀናነሱ ይወጣል። አንዱን ወገን ከሌላው አብልጦ የጠቀመ እንደሆነ ግን ትርፉ በቋንቋው ስም ይመዘገባል።

ሌላው ስሕተት የሚገባው ትምህርት ቤቶቹ በሚመረጡበት መንገድ በኩል ነው። አዲስ ዘዴ ሲመጣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለፈው ዓመት ዝቅተኛ ውጤት ላመጣው ትምህርት ቤት አስቀድሞ ቢሰጥ ርኅራኄ ነው፤ ለጥናት ግን ወጥመድ ይሆናል። የአንድ ዓመት ውጤት ከትምህርት ቤቱ እውነተኛ አቅም ሌላ የዚያን ዓመት አጋጣሚም ይይዛል። ውርጭ ገብሱን መትቶ ልጆቹ ለቤተ ሰባቸው ሥራ የቀሩበት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ወይም መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ ተዛውሮ ክፍሉ ያለ መምህር የሰነበተበት ይሆናል። አጋጣሚው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መጠን ስለማይደገም፣ ዝቅተኛ የነበረው ምንም ሳይደረግለት ወደ ተለመደ ቦታው ከፍ ይላል። የዚህ መለያው ቀላል ነው፤ በዚያው ዓመት እኩል ዝቅ ብሎ አዲሱ ዘዴ ያልተሰጠው ሌላ ትምህርት ቤት ይፈለግና እርሱም ከፍ ብሎ እንደሆነ ይታያል። ከፍ ብሎ ከተገኘ ምስጋናው ለዘዴው አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ቁጥር ጥቂት እንበል። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ካለ፣ 40 ልጆች ቢፈተኑም 400 ቢፈተኑ የዘዴው ውጤት ከመምህሩ ውጤት ሊለይ አይችልም፤ ዘዴው የተመደበው ለትምህርት ቤቱ እንጂ ለልጁ አይደለምና። ስለዚህ አራት አዲሱን የሚሞክሩ፣ አራት በነባሩ የሚቀጥሉ ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። የመጀመሪያዎቹ አራት አማካይ እድገት 14፣ 21፣ 17 እና 20፤ የሌሎቹ 13፣ 17፣ 15 እና 19 ቃላት ቢሆን፣ አማካዩ 18 እና 16 ሆኖ ልዩነቱ 2 ይሆናል። ይህ ልዩነት ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ስምንቱን ቁጥሮች አራት አራት አድርጎ ለመክፈል 70 መንገዶች አሉ። ሁሉንም በወረቀት ላይ ብንዘረዝራቸው፣ በ14ቱ የመጀመሪያው ወገን በ2 ወይም ከዚያ በላይ በልጦ እናገኘዋለን። ይህም ማለት ዘዴው ምንም ፍሬ ባይኖረው እንኳ በአጋጣሚ ብቻ ከአምስት ጊዜ አንድ ጊዜ ይህን የሚያህል ብልጫ ይታያል። ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ቁጥሩ ግምታዊ መለኪያ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቢሆንም እንዲህ ባለ ውጤት የወረዳው መጻሕፍት ሁሉ ይለወጡ ብሎ መወሰን እንደማይገባ ለማሳየት ይበቃል።

ስምንቱ ሲመረጡም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን እየተገናኙ ልምድ ስለሚለዋወጡ፣ አዲሱ ዘዴ የደረሰው መምህር ለባልደረባው ማሳየቱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚነቀፍበት አይደለም። ነገር ግን ማነጻጸሪያ የተባለው ክፍል በኅዳር ወር አዲሱን ዘዴ መጠቀም ከጀመረ፣ በግንቦት የሚገኘው ልዩነት ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጉድኝት በሙሉ በአንድ ዘዴ ውስጥ እንዲገባ ማድረግና የተለያየ ዘዴ የሚከተሉትን ከተለያዩ ጉድኝቶች መምረጥ ይሻላል። ያም ሆኖ አጥኚው በዓመቱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ማነጻጸሪያዎቹ ክፍሎች ገብቶ፣ መምህሩ በዕለቱ ፊደሉን በምን ተራ እንዳስተማረ በዐይኑ አይቶ መመዝገብ አለበት።