ራሱ ገርፎ ራሱ የሚጮኸው ጅራፍ

ሕፃን ልጅ ገበያው ደራ ብሎ ብዙ ዳይፐር አይጨርስም፤ ቀዘቀዘ ብሎም አይቆጥብም። ስለዚህ ፓምፐርስን የሚያመርተው የአሜሪካው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሥርጭት ኃላፊዎች መዝገባቸውን ሲመረምሩ ያዩት ነገር አስገረማቸው። በሱቆች የሚሸጠው መጠን ከፍ ዝቅ የሚለው በጥቂቱ ነው። አከፋፋዮች የሚልኩት ትዕዛዝ ግን ከዚያ በጣም በሰፋ ልክ ይዋዥቃል። ኩባንያው ራሱ ለጥሬ ዕቃ አቅራቢዎቹ የሚልከው ትዕዛዝ ደግሞ ይብሳል። ይህንን በጅራፍ ሰየሙት። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ስያሜው ወዲያው ይገባዋል፤ እጅ በትንሹ ይወዛወዛል፣ ጫፉ ግን ሰፈሩን ያናውጣል።

እንዴት እንደሚፈጠር በቁጥር እንየው። አንድ ባለሱቅ በሳምንት 100 እሽግ ዳይፐር ይሸጣል እንበል። ከእሱ በላይ ጅምላ ነጋዴ፣ ከዚያ አከፋፋይ፣ ከዚያ ፋብሪካ አለ። ሦስቱም ነጋዴዎች የሁለት ሳምንት ሽያጭ የሚሸፍን ክምችት፣ ማለትም 200 እሽግ ይይዛሉ። ነገሩን ለማቅለል ዕቃው እንደታዘዘ ይደርሳል እንበል።

አንድ ሳምንት ሽያጩ 110 ሆነና በዚያው ጸና። ባለሱቁ የሸጠውን 110 ይተካል፤ ክምችቱንም ወደ 220 ለማሳደግ 20 ይጨምርና 130 ያዛል። ጅምላ ነጋዴው ከሱቁ የመጣለትን እንጂ ሱቁ የሸጠውን አያይም። ገበያው 130 የደረሰ ይመስለዋል። ክምችቱን 260 ለማድረስ 60 ጨምሮ 190 ያዛል። አከፋፋዩም በተራው 190ን አምኖ ክምችቱን ወደ 380 ያሳድጋል፤ ፋብሪካው 370 ይታዘዛል። እናቶች የጨመሩት 10 እሽግ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሳምንት ሱቁ 110 ብቻ ያዛል። ጅምላ ነጋዴው ከሚገባው በላይ እንደያዘ ያያል፣ 70 ያዛል። አከፋፋዩ ደግሞ መጋዘኑ ሞልቶበታል፤ ምንም አያዝም። ባለፈው ሳምንት ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት ያሠራው ፋብሪካ ዛሬ ማሽኑን ያቆማል። ገበያው ግን ንቅንቅ አላለም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚባለው ለዚህ ነው የተነገረ ይመስላል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ጥፋተኛ አለመኖሩ ነው። የስታንፎርዱ ሀው ሊ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቦታ አስተውሎ ሲወስንም ይህ ይከሰታል። የቅናሽ ዘመቻ ነጋዴውን የወራት ዕቃ በአንድ ጊዜ ያስገዛዋል፤ ጭነት መኪና እስኪሞላ መጠበቅም ትዕዛዝን ያጠራቅማል። እጥረት ሲወራ ደግሞ 100 የሚፈልገው፣ ግማሹ እንደሚደርሰው አስቦ 200 ያዛል፤ እጥረቱ ሲያልፍ ትዕዛዙን ይሰርዛል። ለዚህኛው መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ያለውን ዕቃ በትዕዛዝ ብዛት ሳይሆን ባለፈው ጊዜ ሽያጭ ልክ ማከፋፈል።

ዋናው መፍትሔ ግን የሱቁን ሽያጭ ሁሉም እንዲያየው ማድረግ ነው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ጅምላ ነጋዴውና አከፋፋዩ እውነተኛው ሽያጭ 110 መሆኑን ቢያውቁ፣ ሁለቱም ክምችታቸውን በ20 ብቻ ያሳድጋሉ። ትዕዛዙ 130፣ 150፣ 170 እያለ ይወጣል። 370 የነበረው 170 ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ 20ውን በአንድ ጊዜ ከማዘዝ ለአራት ሳምንት አምስት አምስት ቢያደርጉት፣ ፋብሪካው የሚታዘዘው 125 ብቻ ይሆናል። ለእነዚያ ሳምንታት ክምችቱ ከታሰበው በትንሹ ያንሳል፤ ዋጋው እሱ ነው።

ከስሌቱ የሚከብደው ሰውን ማሳመን ነው። የጣሊያኑ ፓስታ አምራች ባሪላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አከፋፋዮቹ የየዕለት ሽያጫቸውን እንዲልኩለትና የሚጫነውን መጠን እሱ እንዲወስን ጠየቀ። አከፋፋዮቹ ሥልጣናችን ተነካ ብለው እምቢ አሉ፤ የኩባንያው የራሱ ሻጮችም ሥራችን ሊቀር ነው ብለው ተቃወሙ። ኩባንያው መጀመሪያ በራሱ መጋዘኖች ሞክሮ ውጤቱን ማሳየት ነበረበት።

እርስዎም ነጋዴ ከሆኑ ያለፉትን 10 ሳምንታት ደብተር ይግለጡ። የሸጡትን በአንድ ዓምድ፣ ያዘዙትን በሌላ ዓምድ ይጻፉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በላይ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ጅራፉ እርስዎ እጅ ላይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ለጅምላ ነጋዴዎ ሲደውሉ የሚፈልጉትን ብቻ ሳይሆን የሸጡትንም ይንገሩት።