የበጀት ቅነሳን ለሠራተኞች ማስረዳት፦ የሥራ አስኪያጁ ንግግርና የከባድ ጥያቄዎች መልስ

መግቢያ

አንድ ድርጅት በጀቱን ሲቀንስ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ማስረዳቱ የተለመደ ነው። የንግግሩ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን ብዙ ድካም የሚፈስበት ክፍል መክፈቻው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያሳየው የስብሰባው ውጤት በአመዛኙ የሚወሰነው በጥያቄና መልሱ ክፍል መሆኑን፣ ለዚህም ክፍል ዝግጅቱ ከቁጥር መጀመር እንዳለበት ነው።

ከመስክ የተገኘ ማስረጃ

በዚህ ጉዳይ ላይ በስፋት የሚጠቀሰው ጄራልድ ግሪንበርግ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ነው። አንድ የአሜሪካ አምራች ኩባንያ ትልልቅ ውሎችን በማጣቱ በሁለት ፋብሪካዎቹ የሠራተኞችን ደመወዝ ለ10 ሳምንታት በ15 በመቶ ቀነሰ። በሦስተኛው ፋብሪካ ቅነሳ ስላልተደረገ ለማነጻጸሪያ አገለገለ። ቅነሳ ከተደረገባቸው በአንደኛው ፋብሪካ ስብሰባው 90 ደቂቃ ያህል ወሰደ፤ ኃላፊው የገንዘቡን ሁኔታ በሠንጠረዥ አሳየ፣ ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ የደመወዝ ቅነሳ ለምን እንደተመረጠ አስረዳ፣ ማዘኑን ገለጸ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ጥያቄ በመመለስ አሳለፈ። በሌላኛው ፋብሪካ ስብሰባው በ15 ደቂቃ ገደማ አለቀ፤ ለጥያቄም የተተወ ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር።

ተመራማሪው ከዕቃ ክምችት የጎደለውን መጠን በመለካት የስርቆትን ለውጥ ተከታተለ። ስርቆት በሁለቱም ፋብሪካዎች ጨመረ፤ ጭማሪው ግን ማብራሪያው በቂ ባልነበረበት ፋብሪካ ጎላ ያለ ነበር። ሥራቸውን የለቀቁት ሠራተኞችም በብዛት ከዚያው ፋብሪካ ነበሩ። ደመወዙ ወደነበረበት ሲመለስ ስርቆቱም ረገበ። እዚህ ላይ ሁለት ገደቦችን ማስተዋል ይገባል። በቂ ማብራሪያ ጉዳቱን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። በተጨማሪም በዚህ ጥናት መረጃውና አዘኔታው አብረው ስለቀረቡ የየራሳቸውን ድርሻ መለየት አይቻልም ነበር፤ ግሪንበርግ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቤተ ሙከራ ጥናት ሁለቱም በየራሳቸው ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥር ያለ አክብሮት፣ አክብሮትም ያለ ቁጥር ጎዶሎ ነው።

የተሰላ ምሳሌ

ጉዳዩን ወደ አገራችን ለማምጣት በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል የጥናትና ማማከር ድርጅት በምናብ እንውሰድ። ድርጅቱ 144 ሠራተኞች አሉት። ዓመታዊ በጀቱ 60 ሚሊዮን ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 36 ሚሊዮኑ ለደመወዝ ይውላል። አንድ ትልቅ ደንበኛ ውሉን ባለማደሱ ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት 9 ሚሊዮን ብር ይጎድላል። አመራሩ ክፍት የሥራ መደቦችን ባለመሙላት 3 ሚሊዮን፣ ከመስክ ጉዞና ከመኪና ኪራይ 2.5 ሚሊዮን፣ ከሥልጠናና ከስብሰባ ወጪ 1.26 ሚሊዮን፣ ከአራቱ ኃላፊዎች አበል ደግሞ 240 ሺህ ብር ለመቀነስ ወስኗል። ድምሩ 7 ሚሊዮን ነው። 2 ሚሊዮኑ መሸፈኛ አልተገኘለትም።

የንግግሩ እውነተኛነት የሚፈተነው በዚህ ባልተሸፈነው ቀሪ ላይ ነው። ብዙ ጽሑፎች የተገኘውን 7 ሚሊዮን ዘርዝረው ቀሪውን «በሌሎች እርምጃዎች ይሸፈናል» በሚል ሐረግ ያልፉታል። አድማጩ ግን የመቀነስ ስሌት ስለሚያውቅ ወዲያው የሚጠይቀው ስለዚያ ቀሪ ነው። ስለሆነም መክፈቻው ከአምስት ደቂቃ ሳይበልጥ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ባልደረቦቼ፣ ለሚቀጥለው ዓመት 9 ሚሊዮን ብር ጎድሎናል። ለ7 ሚሊዮኑ ውሳኔ አሳልፈናል፤ ዝርዝሩ በእጃችሁ ነው። ለ2 ሚሊዮኑ መፍትሔ አላገኘንም። የካቲት 15 ቀን እንወስናለን፤ በማግስቱ እዚሁ ተሰብስበን ውሳኔውን እነግራችኋለሁ።»

ሦስት ከባድ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሥራ የሚሰናበት ሰው አለ ወይ?» የሚለው ነው። አማካይ ዓመታዊ ደመወዝ 250 ሺህ ብር ስለሆነ 2 ሚሊዮን ብር የስምንት ሰዎች ደመወዝ ነው። የስንብት ክፍያና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ ሲታሰብ ከስምንት ሰዎች የሚተርፈው ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት ከዚያ ያነሰ ይሆናል። እውነተኛው መልስ «ሊኖር ይችላል፤ አይኖርም ብዬ ቃል አልገባም፤ ከመጣ ስምንት ሰው ገደማ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ሊነካ ይችላል» የሚል ነው።

እዚህ ላይ አስተዳዳሪዎች ሳያውቁ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «ሁሉም ነገር በሕጉ መሠረት ከእናንተ ተወካዮች ጋር በምክክር ይፈጸማል» ይላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በአንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆኑትን የሚነካውን ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው። በምሳሌያችን ገደቡ 15 ሰው ስለሚሆን ስምንት ሰው ማሰናበት ከዚህ ትርጉም በታች ይወድቃል። በአንቀጹ የተደነገገው የምክክርና የቅደም ተከተል ሥርዓትም በቀጥታ አይሠራም። ትክክለኛው መልስ «ሕጉ በዚህ ቁጥር አያስገድደንም፤ እኛ ግን ከተወካዮቻችሁ ጋር እንመክራለን፤ ይህን በጽሑፍ እሰጣችኋለሁ» ነው። አለበለዚያ ሕጉን ያነበበ አንድ ሠራተኛ በማግስቱ የንግግሩን ሁሉ ታማኝነት ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የእናንተስ የኃላፊዎቹ ድርሻ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ 240 ሺህ ብር ነው፤ ይህም ከጉድለቱ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። መጠኑን ሳይናገሩ «እኛም መሥዋዕትነት ከፍለናል» ማለት አድማጩን ያስቆጣል። መጠኑን ተናግሮ «ይህ ጉድለቱን አይሸፍንም፤ ግን ከእናንተ በፊት ከእኛ መጀመር ነበረበት» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው «መቼ ነው ያወቃችሁት?» የሚለው ነው። ደንበኛው ውሉን እንደማያድስ ያስታወቀው ኅዳር 10 ቀን፣ ስብሰባው የተጠራው ደግሞ ጥር 5 ቀን ነው እንበል። በመካከሉ ሁለት አዳዲስ ሠራተኞች ተቀጥረዋል። የሰው ኃይል ክፍሉ ይህን መልስ «ሁኔታውን እያጠናን ነበር» በሚል ሊሸፍነው ይፈልግ ይሆናል። ሁለቱ ተቀጣሪዎች ግን በአዳራሹ ተቀምጠዋል። «ኅዳር 10 ቀን አውቄአለሁ። ውሉ ይመለሳል ብዬ ስለጠበቅሁ ቅጥሩን አላቆምሁም። ያ የእኔ ስህተት ነው» የሚለው መልስ ባለቤት አለው። «ተወስኗል»፣ «ታምኖበታል» የሚሉት ግሦች ግን ባለቤቱን ስለሚሰውሩ ጥያቄው ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋሉ።

ውጤቱ እንዴት ይታወቃል?

በስብሰባው የተነሡትን ጥያቄዎች በሙሉ መዝግቦ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ወደ ክፍል ኃላፊዎች ከሚመጡት ጋር ማነጻጸር ቀላል መለኪያ ነው። ያው ጥያቄ በሌላ አነጋገር ከተመለሰ መልስ አላገኘም ማለት ነው። አዳዲስና ዝርዝር ጥያቄዎች ከመጡ፣ ለምሳሌ «የመስክ ጉዞው የሚቀነሰው ከየትኛው ጥናት ነው?» ከተባለ፣ ሠራተኛው ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ሥራው ተመልሷል። ከዚህ የበለጠ የሚመዝነው ግን ቀኑ ነው። የካቲት 15 ቀን ውሳኔ ላይ ባይደረስ እንኳ በማግስቱ ስብሰባው ተጠርቶ «አልወሰንንም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» መባል አለበት። ቀጠሮው ከታለፈ በመጀመሪያው ስብሰባ በእውነት የተነገረውም ሳይቀር ይጠረጠራል።