አንድ ቤት፣ ሁለት ስም፦ ከባለቤቶቹ አንዱ ሲሞት ድርሻው የማን ይሆናል?

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሁለት ሰዎች አንድ ቤት በስማቸው ሲገዙ፣ የባለቤትነት ሰነዱ እንዴት እንደተጻፈ አንዳቸው የሞቱ ዕለት ቤቱ የማን እንደሚሆን ይወስናል። ሕጉ በዋናነት ሁለት መንገድ ያውቃል። አንደኛው በድርሻ መያዝ ነው፤ በሰነዱ ላይ «ቴናንትስ ኢን ኮመን» ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው «ጆይንት ቴናንትስ» የሚባለው ሲሆን፣ አንዱ ሲሞት ቤቱ በሕይወት ላለው ብቻ ይጸናል። ባለቤቶቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። በሁለቱም መንገድ ማንኛቸውም በሙሉው ቤት የመኖር መብት አላቸው፤ ሳሎኑ የአንዱ፣ ምድር ቤቱ የሌላው የሚባል ነገር የለም። ልዩነቱ ገሃድ የሚወጣው ሞት ሲመጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰነዱን ለማረም ጊዜው አልፏል።

በድርሻ የሚይዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሆነ ድርሻ አላቸው። ድርሻው እኩል መሆኑ ግድ አይደለም፤ አንዱ 70 ከመቶ፣ ሌላው 30 ከመቶ ሊይዝ ይችላል። ባለድርሻው ድርሻውን ሌላውን ሳያስፈቅድ ሊሸጠው ወይም ሊሰጠው፣ በኑዛዜም ለፈለገው ሰው ሊያወርሰው ይችላል። ሳይናዘዝ ከሞተም ድርሻው በሕግ ለተወሰኑት ወራሾቹ ይተላለፋል። ባጭሩ፣ ድርሻው እንደ ማንኛውም የሟች ንብረት ውርስ ውስጥ ይገባል።

በጆይንት ቴናንሲ ግን ለብቻው ተነጥሎ የሚወረስ ድርሻ የለም። ባለቤቶቹ ሁለትም ይሁኑ አራት፣ በሕጉ ዓይን ሁሉም በእኩልነት የሙሉው ቤት ባለቤቶች ናቸው። አንዱ ሲሞት የእሱ መብት እዚያው ያበቃል፣ ቤቱም በቀሩት እጅ ይጸናል። በሕይወት የቀረው ሰው ከሟቹ ምንም እንደወረሰ አይቆጠርም፤ ከመጀመሪያውም ባለቤት ነበር፣ አሁን ብቻውን ሆነ እንጂ። ለዚህ ነው ኑዛዜ በዚህ ቤት ላይ የማይሠራው። ሟቹ «የቤቱን ግማሽ ለልጆቼ» ብሎ በምስክሮች ፊት ቢጽፍና ቢፈርምም፣ እሱ ሲሞት ሊያወርሰው የሚችለው ነገር በእጁ አልቀረም።

የጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ሁለት ሰዎች መሬት በጋራ ሲሰጣቸው፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር ጆይንት ቴናንትስ ናቸው ብሎ ይገምት ነበር። ለባላባቱ መሬቱ ከትውልድ ትውልድ እየተሸነሸነ ከብዙ ሰዎች ግብር ከመሰብሰብ ይልቅ፣ በመጨረሻ በአንድ ሰው እጅ መጠቃለሉ ይበጀው ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ግምት ገልብጠውታል። በሜሪላንድ ሰነዱ ጆይንት ቴናንትስ መሆናቸውን በግልጽ ካልተናገረ በቀር ባለቤቶቹ በድርሻ እንደያዙ ይቆጠራል። ከዚህ ውጭ የሆኑት ባልና ሚስት ናቸው። ተጋብተው ሳለ በሁለቱም ስም የገዙት ቤት፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በቀር፣ ለጥንዶች ብቻ የተለየና አንዱ ሲሞት ለሌላው የሚጸና ይዞታ ይሆናል፤ ከተፋቱ ደግሞ ወደ ድርሻ ይለወጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ገና ሳይጋቡ፣ በእጮኝነት ዘመናቸው ቤት የገዙ ሰዎች በሰነዱ ላይ ስማቸው ብቻ ከተጻፈ በድርሻ ነው የያዙት። በኋላ መጋባታቸው የቀድሞውን ሰነድ በራሱ አይለውጠውም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቻላል። ወንድምና እህት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት ገዙ እንበል። ለቅድሚያ ክፍያ ከወጣው 100,000 ዶላር ወንድም 70,000፣ እህት 30,000 አዋጡ። ወንድም ሚስቱን የፈታና አካለ መጠን ያልደረሱ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ በድንገት ሲያርፍ ቤቱ 480,000 ዶላር ያወጣል፣ ያልተከፈለው የባንክ ዕዳ ደግሞ 180,000 ነው። ስለዚህ ከዕዳው በላይ የሆነው የቤቱ ዋጋ 300,000 ዶላር ነው።

ሰነዱ «በድርሻ፣ 70 ከመቶና 30 ከመቶ» ቢል የሟቹ ድርሻ 210,000 ዶላር ይሆናል። ኑዛዜ ከሌለና ሚስት ከሌለችው፣ የራሱ ሌሎች ዕዳዎችና የውርሱ ወጪ ከተከፈሉ በኋላ ቀሪው ለሁለቱ ልጆች እኩል ይደርሳል፤ ሌላ ዕዳ ከሌለበት ለእያንዳንዳቸው እስከ 105,000 ዶላር ማለት ነው። እህቲቱ የ90,000 ዶላሯ ባለቤት ሆና ትቀጥላለች። ሰነዱ ጆይንት ቴናንትስ ቢል ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ሙሉው 300,000 ዶላር የእህቲቱ ይሆናል፤ ልጆቹ ከዚህ ቤት አንድ ሳንቲም አያገኙም። ወንድም ብዙውን ገንዘብ ማዋጣቱ ለውጥ አያመጣም፣ ኑዛዜ መጻፉም አያመጣም። እህቲቱ ለወንድሟ ልጆች ከቤቱ ብታካፍላቸው ከራሷ የሰጠችው ስጦታ እንጂ በሕግ የተጣለባት ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛው ሁኔታ ብዙ ቤተሰቦች የሚወድቁበት ነው፦ ሰነዱ ላይ ሁለት ስም ብቻ ተጽፏል፣ ሌላ ቃል የለም። እህትና ወንድም «አንዳችን ብንሞት ሌላው ይኑርበት» ተባብለው ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን ይህን የቃል ስምምነት አያነበውም። በድርሻ እንደያዙ ይቆጠራል፣ ክፍፍሉም ካልተገለጸ እኩል እንደሆነ በመገመት ይጀመራል። አሁን እህቲቱ ቤቱን የምትጋራው ከወንድሟ ውርስ፣ ቀጥሎም ከልጆቹ ጋር ነው። ቤቱን ልትሸጥ ወይም ብድሩን ልታድስ ብትፈልግ የሌላው ወገን ፊርማ ያስፈልጋታል፤ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ መፈረም ስለማይችል፣ በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ስለ ልጆቹ መቆም አለበት። በተቃራኒው፣ የልጆቹን ጥቅም የሚጠብቀው ሰው ድርሻው በገንዘብ እንዲወጣላቸው ከፈለገ ፍርድ ቤት ቤቱን እንዲያከፋፍል መጠየቅ ይችላል። አንድ የመኖሪያ ቤት ለሁለት ሊሰነጠቅ ስለማይችል የዚህ ጥያቄ መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ ሽያጭ ነው።

ከሞት በኋላ ያለው አሠራርም ይለያያል። በድርሻ የተያዘው ድርሻ በካውንቲው የኑዛዜ መዝገብ ቤት በኩል ያልፋል፤ ውርስ አጣሪ ይሾማል፣ የንብረት ዝርዝር ይቀርባል፣ ባለገንዘቦች እንዲቀርቡ ማስታወቂያ ይወጣል። ወራት የሚፈጅ ነው። በጆይንት ቴናንሲ በሕይወት የቀረው ሰው የሚያስፈልገው በዋናነት የሞት የምስክር ወረቀት ነው። ሰዎች ይህን መንገድ የሚመርጡት በዚህ ቅለቱ ነው፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ቅለቱን ብቻ አይተው ውርሱን አብረው መስጠታቸውን አለማየታቸው ነው።

ይህ በግልጽ የሚታየው በአረጋውያን ወላጆች ላይ ነው። ሦስት ልጆች ያሏት እናት፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳትና ደብዳቤዋን የሚያነብላት አንዱ ልጇ ስለሆነ፣ «ጉዳዬን እንዲያስፈጽምልኝ» ብላ ስሙን በቤቷ ሰነድ ላይ በጆይንት ቴናንሲ ታስገባለች። ስትሞት ቤቱ በሙሉ የእሱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ እናታቸው ይህን አላሰበችም ብለው ሊከሱ ይችላሉ፤ ነገር ግን በግልጽ የተጻፈን ሰነድ በሟች ሐሳብ ለማፍረስ መሞከር ከባድና ውድ ሙግት ነው፣ ወንድማማቾችንም ለዘለቄታው ያለያያል። ጉዳይ ለማስፈጸም የውክልና ሥልጣን ይበቃ ነበር፤ ውክልና ባለቤትነትን አያሻግርም፣ ወካዩ ሲሞትም ያበቃል።

ጆይንት ቴናንሲ ግን የማይፈታ ቋጠሮ አይደለም። ከባለቤቶቹ አንዱ በሕይወቱ ሳለ መብቱን ለሌላ ሰው ካስተላለፈ ትስስሩ ይቋረጣል፣ አዲሱ ባለቤትም በድርሻ የያዘ ይሆናል። ሦስት ሆነው ከያዙት አንዱ ቢሸጥ ገዢው አንድ ሦስተኛውን በድርሻ ይይዛል፤ የቀሩት ሁለቱ ሁለት ሦስተኛውን በመካከላቸው እንደ ቀድሞው ይይዛሉ። ሰው ለራሱ በማስተላለፍ ትስስሩን መቁረጥ ይችል እንደሆነ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1980 ፍርድ ቤት ተመልክቶታል። አንዲት ሚስት ቤቱ በጆይንት ቴናንሲ መያዙን ስታውቅ መብቷን ከራሷ ወደ ራሷ አስተላለፈችና ተናዘዘች፤ ከ20 ቀን በኋላ ሞተች። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቷን አጸናላት። ግዛቱ በኋላ ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ሰነድ በመርህ ደረጃ ከሞት በፊት እንዲመዘገብ ደነገገ፤ አለበለዚያ አንድ ሰው ሰነዱን በመሳቢያ ደብቆ፣ ሌላው ቀድሞ ቢሞት ሊቀደው፣ ራሱ ቀድሞ ቢሞት ደግሞ ሰነዱ ሊገለጥ ይችል ነበር። በዚህ ጉዳይ የግዛቶች ሕግ ስለሚለያይ የአንዱን ለሌላው መጠቀም አይቻልም።

ዕዳም ሁለቱን ይለያቸዋል። በድርሻ የያዘ ሰው ዕዳ ጥሎ ከሞተ ባለገንዘቦቹ ድርሻውን ከውርሱ ሊጠይቁ ይችላሉ። በጆይንት ቴናንሲ ግን፣ በአንዱ ባለቤት ላይ ብቻ ፍርድ ያገኘ ባለገንዘብ ፍርዱን በቤቱ ላይ ሳያስፈጽም ባለዕዳው ቢሞት፣ የያዘው መያዣ ከሟቹ መብት ጋር አብሮ ይጠፋል። ሁለቱም ፈርመው የወሰዱት የባንክ ብድር ግን እንዳለ ይቆያል።

በሜሪላንድና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ባደጉበት ሕግ ዓይን ያዩታል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ባለሀብትነት በድርሻ ነው፤ የሟች ድርሻ ለወራሾቹ ያልፋል፣ ቅድሚያውም የልጆች ነው። የትዳር ጓደኛ እንኳ ከጋራ ንብረቱ የራሱን ግማሽ ይወስዳል እንጂ፣ ያለ ኑዛዜ ከሟቹ ግማሽ ወራሽ አይሆንም። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው «ልጆቼ መቼም አይቀሩም» ብሎ ቢያስብ አይገርምም። ቤት ግን የሚተዳደረው በሚገኝበት አገር ሕግ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቤት በኢትዮጵያ ሕግ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ደግሞ በሜሪላንድ ሕግ ይሄዳል፤ ባለቤቱ አንድ ሰው ቢሆንም።

ሰነዱ ምን እንደሚል ማወቅ አያስቸግርም። የሜሪላንድ የመሬት መዝገብ በ mdlandrec.net ላይ ይገኛል፣ በነጻ ተመዝግቦ የራስን ሰነድ ማንበብ ይቻላል። የግብር ማስታወቂያው ላይ ሁለት ስም ማየት አይበቃም፤ መነበብ ያለበት ቤቱ ሲተላለፍ የተፈረመው ሰነድ ነው፣ በተለይም ከገዢዎቹ ስም ቀጥለው የሚመጡት ጥቂት ቃላት። «አዝ ጆይንት ቴናንትስ» ወይም «ራይት ኦቭ ሰርቫይቨርሺፕ» የሚል ካለ ቤቱ ለቀሪው ይጸናል። ያልተጋቡ ሰዎች ስም ብቻ ከሆነ በድርሻ ነው። ባለቤቶቹ ሐሳባቸው ሌላ ከሆነ ሁሉም የሚፈርሙበት አዲስ ሰነድ ተዘጋጅቶ፣ ቤቱ ባለበት ካውንቲ የሰርኪዩት ፍርድ ቤት የመሬት መዝገብ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ኑዛዜ ያለው ሰውም ኑዛዜውን ከዚህ ሰነድ ጋር አስተያይቶ ማንበብ አለበት፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚጸናው የቤቱ ሰነድ ነውና።