ፓኬጁን ስንቀንስ ፋይሎቻችን ምን ይሆናሉ?

ለጎግል ማከማቻ በየወሩ የሚከፍል ሰው ክፍያውን ለማቆም ወይም ወደ አነስተኛ ፓኬጅ ለመውረድ ሲያስብ መጀመሪያ የሚፈራው ፎቶዎቹ በማግስቱ እንዳይጠፉ ነው። አይጠፉም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ያለው ፋይል ባለበት ይቆይና አዲስ የሚመጣው ይታገዳል፤ ከሚታገዱት መካከል ደግሞ ብዙ ሰው ያላሰበው ኢሜይል አለ።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት የ100 ጊጋባይት ፓኬጅ አላት እንበል። ከዚህ ውስጥ 62 ጊጋባይቱን ይዛለች፤ 41 ፎቶና ቪዲዮ፣ 12 ድራይቭ ላይ ያሉ ሰነዶች፣ 9 ደግሞ የዓመታት ኢሜይል ከነአባሪዎቹ። ፓኬጁን ሰርዛ ወደ ነጻው ትመለሳለች። ነጻው 15 ጊጋባይት ሲሆን ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶዎች በጋራ የሚጠቀሙበት እንጂ ለእያንዳንዳቸው የተሰጠ አይደለም። ሰረዘች ማለት ግን ያን ዕለት ቦታው ጠበበ ማለት አይደለም፤ የከፈለችበት ጊዜ እስኪያልቅ 100 ጊጋባይቱ የእሷ ነው። ሥራዋን ሁሉ መጨረስ ያለባትም በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው።

ጊዜው ሲያልቅ ከተፈቀደላት በላይ 47 ጊጋባይት ይዛ ትገኛለች። ፎቶዎቿን ከፍታ ታያለች፣ ሰነዶቿን ታነባለች፣ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሯ ማውረድ ትችላለች። አዲስ ፋይል ድራይቭ ላይ መጫን ግን አትችልም፤ አዲስ የጎግል ሰነድም መክፈት አትችልም። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በጋራ የሚሠሩበት የእሷ ሰነድ ካለ እሱም ላይ ማንም ማስተካከያ ማድረግም ሆነ መቅዳት አይችልም። ባለቤቷ እሷ ስለሆነች የእሷ ቦታ መሙላት የሌሎቹንም ሥራ ያቆማል።

ከሁሉም የከፋው የኢሜይሉ ነገር ነው። መላክም መቀበልም ይቆማል። የሚላክላት ደብዳቤ ወረፋ ይዞ ቦታ እስኪገኝ አይጠብቃትም፤ ወደ ላኪው ይመለሳል። ለሥራ ያመለከተ፣ ከኤምባሲ ቀጠሮ የሚጠብቅ ወይም ከባንክ የማረጋገጫ ኮድ በኢሜይል የሚደርሰው ሰው ምን ሊያመልጠው እንደሚችል መገመት አይከብድም። ደግሞም ቦታውን የሞላው ፎቶ ሆኖ ሳለ የሚዘጋው ኢሜይል መሆኑ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ችግሩን ኢሜይሉ ውስጥ ሲፈልጉ ይውላሉ፤ መንስኤው ግን የልጆች ልደት ቪዲዮ ነው።

ሴቲንጉስ? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሴቲንጉ እንደነበረ ይቆያል። በስልኳ ላይ የፎቶ ባክአፕ እንደበራ ነው፤ አላጠፋችውም፣ ማንም አላጠፋባትም። ሥራው ግን ቆሟል። መተግበሪያው ማከማቻው እንደሞላ ማስታወቂያ ያሳያል፤ ማስታወቂያ ገፍቶ ማለፍ የለመደ ሰው ግን ወራት ሊያልፉት ይችላሉ። በእነዚያ ወራት የተነሱት ፎቶዎች ያሉት ስልኩ ላይ ብቻ ነው። ስልኩ የተሰረቀ ወይም ውሃ የገባበት ዕለት «ባክአፕ አብርቼ ነበር» ማለት አይጠቅምም። የበራ ሴቲንግ ማየት አይበቃም፤ የመጨረሻው ፎቶ በእርግጥ መግባቱን በሌላ ኮምፒውተር photos.google.com ከፍቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ፓኬጁ በቤተሰብ የሚጋራ ከሆነ ጉዳዩ ይሰፋል። ከፋዩ እስከ አምስት የቤተሰብ አባላትን ማስገባት ይችላል፤ እሱ ሲሰርዝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደየራሳቸው 15 ጊጋባይት ይመለሳሉ። አንዱ የሌላውን ፋይል ስለማያይ ልጁ ወጪ ሊቀንስ ብሎ የሰረዘው የእናቱን ኢሜይል ሊዘጋ ይችላል። ከመሰረዙ በፊት እያንዳንዱ አባል ስንት እንደያዘ መጠየቅ ግድ ነው። ሳይሰርዙ ካርዱ ጊዜው አልፎበት ክፍያው ሳይፈጸም ሲቀርም መጨረሻው ያው ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ የሚከፍልላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ ይቆያል? እ.ኤ.አ. ከጁን 1 2021 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የጎግል ደንብ መሠረት አንድ ሰው ከተፈቀደለት በላይ ይዞ ሁለት ዓመት ከቆየ ጎግል ይዘቱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ቢያንስ በሦስት ወር አስቀድሞ ያስታውቃል። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ኢሜይሉ ግን የሚዘጋው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

እንግዲህ ሴትዮዋ ምን ታድርግ? መጀመሪያ one.google.com/storage ገብታ ከ62ቱ የትኛው የት እንዳለ ታያለች። ቀጥሎ takeout.google.com ላይ ፎቶዎቿን ብቻ መርጣ እንዲላክላት ትጠይቃለች። የሚላክበት መንገድ ሲጠየቅ ድራይቭን መምረጥ የለባትም፤ የሚመጣው ጥቅል እዚያው ጠባብ ቦታ ላይ ይጨመርባታል። በኢሜይል የሚመጣው ሊንክ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ስለሚሠራ ሲደርሳት ቶሎ ታውርድ፣ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ትገልብጥ፣ ከዚያ ከመጀመሪያውም ከመሃሉም ከመጨረሻውም ጥቂት ፎቶና ቪዲዮ ከፍታ ትይ። መከፈታቸውን ሳታይ አንድም ነገር አታጥፋ።

ማጥፋቱ ላይ አንድ አደጋ አለ። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ከጎግል ፎቶዎች መተግበሪያ ላይ ሲጠፋ ከስልኩም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሰው «ከክላውዱ ነው የማጠፋው» ብሎ ሁለቱንም ያጣል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ቅጂ መጀመሪያ መረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው። ለኢሜይሉ ደግሞ በጂሜይል መፈለጊያ ላይ ይህን ብትጽፍ ከባድ አባሪ ያላቸው ብቻ ተለይተው ይወጣሉ፦

```
has:attachment larger:10M
```

የጠፋው ሁሉ ወዲያው ቦታ አይለቅም። መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትራሽ ነው፤ እዚያ እስካለም ይቆጠራል። የጂሜይልና የድራይቭ ትራሽ ከ30 ቀን በኋላ፣ ባክአፕ የተደረጉ ፎቶዎች ትራሽ ከ60 ቀን በኋላ በራሱ ይጸዳል። 50 ጊጋባይት አጥፍቶ ኢሜይሉ ያልተከፈተለት ሰው ትራሹን ባዶ አላደረገም ማለት ነው።

ሌሎቹ አገልግሎቶች በዝርዝሩ ይለያያሉ። የአፕል አይክላውድ ነጻ ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የአይፎኑ ባክአፕ ከቆመ የመጨረሻው ቅጂ የሚጠበቀው ለ180 ቀን ነው። ድሮፕቦክስ በነጻ 2 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ሌላ ሰው ያጋራን ፎልደር ከእኛም ቦታ ላይ ይቆጠራል። ድራይቭ ላይ ግን የሚቆጠረው ከባለቤቱ ብቻ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሴትዮዋ ከሌላ አድራሻ ለራሷ አንድ አጭር ኢሜይል ትላክ። ከደረሳት ሥራው አልቋል፤ ተመልሶ ከመጣ ማከማቻው አሁንም ሙሉ ነው፣ ትራሹን እንደገና ትይ።